የደመቀው በርበሬ

ኡሙሀኒ የወንድሜ የሸፊ ሚስት ናት፤ አዲሱ ገበያ በርበሬና ቅመም ስትሸጥ የኖረች። ፈሪ ነች፣ አይጥ ስታይ አልጋ ላይ የምትወጣ። ደፋሯ እኔ ዘይነብ እመስል ነበር፣ ምላሴ ስለሚረዝም።

በደርግ ጊዜ በርበሬ ከገበያ ጠፋና «የደበቀ ነጋዴ ይረሸናል» ተባለ። ሸፊ ደንግጦ ቤት የተገኘውን ሁለት ትንንሽ ጆንያ የተፈጨ በርበሬ ጓዳ ውስጥ ከድርብ ግድግዳ ኋላ ሸሸገ። ሦስት ክረምት አለፈበት።

አንድ ጠዋት የቤት ለቤት ፍተሻ እንደሚመጣ ሰማን። ሸፊ ስላልነበረ ሁለታችን በርበሬውን ለማሸሽ ግድግዳውን ፈታን። በሳንቃ ላይ የተቀመጠው ጆንያ ደርቋል፤ ቀለሙ ገርጥቷል፣ ሽታውም ጠፍቷል። መሬት ላይ የነበረው ጣሪያው አፍስሶበት ደም መስሎ ደምቋል። ኡሙሀኒ አንዱን ጓል ስትሰብረው ውስጡ አረንጓዴ ሻጋታ።

«እናስጣውና እናምሰው» አልኳት።

«ሻጋታው የተወው መርዝ በፀሐይም በእሳትም አይወጣም፣ ዘይነብ። የገረጣው ጣዕሙ ነው የሄደው፤ ይበላል። ይኼ ሽንት ቤት ይግባ።»

አቧራው አስነጠሰን፤ ደጋግሞ አስነጠሰን። ይኼኔ የቀበሌ አብዮት ጠባቂው መሸሻ ጠመንጃውን አንግቦ በራችን ላይ ቆመ። ያ ረቢ! ምላሴ የት እንደገባ እንጃ።

መሸሻ ጆንያዎቹን አየ፣ ወደ ውጭ አየ፣ በሩን ዘጋ። «ልጆቼ አልጫ ሰልችቷቸዋል። ከቀዩ ስጡኝ፣ እኔም አላየሁም።»

ስጪው በቃ! ስል በሆዴ ለመንኳት።

«ጓድ፣ የገረጣውን ይውሰዱ፣ ይኼ ተበላሽቷል» አለች፣ የገረጣውን ጆንያ ወደሱ እየገፋች።

«ለእኔ ሲሆን ተበላሸ? ቀዩን ነው ያልኩት!» አፈሙዙን ወደሷ አዞረ።

ኡሙሀኒ ጆንያውን አቅፋ በጓሮ በር ሮጠች። እሱም ተከተላት። አይኔን ጨፈንኩ። ተኩስ ስጠብቅ የሰማሁት ጆንያው ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ዘጭ ሲል ነው።

«እኔን ይግደሉኝ» አለችው፣ እያለቀሰች። «ልጆችዎን ግን በእጄ አልመርዝም።»

መሸሻ ጉድጓዱን አጎንብሶ አየ። ከዚያ ያንን የገረጣ በርበሬ በኮቱ ሸፍኖ ተሸክሞ ወጣ።

ያን ቀን እህል አልቀመስንም። ሊያስይዘን ነው ወይስ ዝም ሊል? ሸፊ ሲመጣ ነገርነው፣ እሱም ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

በማግስቱ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ሸፊ ተነሥቶ ኮቱን ለበሰ፤ እኔ ኡሙሀኒን ይዣት ተከተልኩት። ስንከፍት የመሸሻ ሚስት ዓለሜ ነች፣ ብቻዋን፣ ነጠላዋን ተከናንባ።

«ኡሙሀኒ፣ ወጡ ጣዕም አጣብኝ» አለች በሹክሹክታ። «ምን ላድርግበት?»

ኡሙሀኒ የበሩን መቃን ጨብጣ፣ «በርበሬውን ጨምሪ... ነጭ ሽንኩርትም አብዢለት፣ እህቴ» አለቻት።