አሥራ ሁለት ደቂቃ በትምህርት ቤቱ ሜዳ

መካነ ሰላም በስፖርት መምህርትነት በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ደሴ ላይ የእግር ኳስ ዳኝነት ኮርስ እንደሚሰጥና ሴቶችም መመዝገብ እንደሚችሉ የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። ከኮርሱ በፊት ግን ፈተና ነበረ። በአሥራ ሁለት ደቂቃ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ያልሮጠች ሴት ትመለሳለች።

ሩጫውን ኮሌጅ ተምሬዋለሁ። አንድ ሰው አሥራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ አቅሙን አውጥቶ ሲሮጥ፣ ከሸፈነው ርቀት ተነስቶ ሰውነቱ ቢበዛ ምን ያህል ኦክስጅን መጠቀም እንደሚችል መገመት ይቻላል። ከሜትሩ አምስት መቶ አምስት ይቀነሳል፤ የቀረው ለአርባ አራት ነጥብ ሰባት ሦስት ይካፈላል። የሚወጣው ቁጥር ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር ኦክስጅን እንደሚውል ይናገራል። ተማሪዎቼን አስተምሬዋለሁ እንጂ ራሴን ለክቼ አላውቅም።

የትምህርት ቤቱን ሜዳ ዙሪያውን በሜትር ለካሁት፤ ሦስት መቶ ሆነ። ሰፊ ቀሚስ ከሱሪ ላይ ደርቤ፣ ሻሼን አጥብቄ አስሬ ወጣሁ። የሒሳብ መምህሩ ባልደረባዬ ሰዓት ያዘልኝ። የመጀመሪያውን ዙር ውሻ እንዳባረረው ሰው በረርኩ፤ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ እግሬ እንጨት ሆነ፤ ግማሹን እየተራመድኩ ጨረስኩ። ሰባት ዙር፣ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሜትር። አካፈልኩት፤ ሠላሳ አምስት ተኩል ገደማ።

«መቶ ሜትር ብቻ ቀረኝ» አልኩት።

እሱ ግን ሜዳውን እያየ ነበር። «የለካሽው ሜዳውን ከከበቡት ድንጋዮች ውጭ ነው። የሮጥሽው ግን ማዕዘን ማዕዘኑን እየቆረጥሽ በውስጥ በኩል ነው። ነይ፣ በሮጥሽበት እንለካው።»

ለካነው። አንዱ ዙር ሁለት መቶ ሰማንያ ሆነ። ሩጫዬ ወደ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ወረደ፤ ሠላሳ አምስት ተኩሉም ሠላሳ ሁለት ተኩል ሆነ። አልከፋኝም አልልም። የመጀመሪያውን ቁጥር ሰርዤ እውነተኛውን ጻፍኩ።

«ደግሞ» አለኝ፣ «ይሄ የሳንባሽ ቁጥር ብቻ አይደለም። እንደ እብድ ጀምረሽ መሐል ላይ ስለደከምሽ፣ ያለሽን ሁሉ አላሳየም።»

እውነቱን ነው። በዚያ ላይ የመጽሐፉ ስሌት የተሠራው ለቆላ አየር ነው፤ በእኛ ደጋ፣ አየሩ በሚሳሳበት፣ ያው ሰው ያነሰ ርቀት ይሮጣል። ግን ደሴም ደጋ ናት፤ ፈታኞቹም ለከፍታ ብለው አንዲት ሜትር አይቀንሱልኝም። ከዚያ በላይ እንዳልቆርጥ በሁለት መቶ ሰማንያው መስመር ማዕዘኖች ላይ ካስማ ተከልኩ፤ አንድ ዙር በአንድ ደቂቃ ተኩል፣ ስምንት ዙር በአሥራ ሁለት ደቂቃ፣ ብዬ ወሰንኩ። ይህ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ አርባ ነው።

ሁለት ወር ጠዋት ጠዋት ሮጥኩ። ሰው ማውራቱ አልቀረም። ወሬው ልጆችን ቁርአን እያስቀሩ የሚያስተምሩት አባቴ ዘንድ ደረሰ። አንድ ቀን ከንጋቱ የፈጅር ሶላት በኋላ ቀድመውኝ ሜዳው ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ማነው የሚያባርርሽ?» አሉኝ።

«ማንም። ፈተና አለብኝ፣ አባቴ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው።»

«ሰዓቱን ማን ይይዝልሻል?»

«መምህሩ ነበር፤ ዛሬ ግን ወደ ደጎሎ ሄዷል። ብቻዬን ነኝ።»

የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው መዳፋቸው ላይ አደረጉት። «እኔ እይዛለሁ። ዙሩንም እቆጥራለሁ።» መቁጠሪያቸውን አውጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ባለፍኩ ቁጥር አንድ ፍሬ አሳለፉ። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች እየታገስኩ ሮጥኩ። ስምንተኛው ላይ ነበርኩ፣ ጥቂት ሲቀረኝ «በቃ!» አሉ። ሰባት ዙርና ሦስት ሩብ፤ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሰባ።

«ሠላሳ ሜትር ቀረኝ» አልኩ ጉልበቴን ይዤ።

«ኢንሻአላህ ይሞላል። ነገም እመጣለሁ።»

መጡም። እስከ ፈተናው ሳምንት ድረስ አንድ ቀን አልቀሩም።

ደሴ ስታዲየም ውስጥ ስምንት ሴቶች ነበርን። አንድ ዙር አራት መቶ ሜትር ነው፤ አምስት ዙር ተኩል ማለት ነው። ሌሎቹ በመጀመሪያው ዙር ጥለውኝ ሄዱ። ልከተላቸው ፈለግሁ፤ እግሬን ያዝኩት። ከሦስተኛው ዙር በኋላ አንዷን፣ ከዚያ ሁለተኛዋን አለፍኩ። በመጨረሻው ደቂቃ ጉሮሮዬ ደም ደም እያለኝ ሳልቆጥብ ሮጥኩ። ፊሽካው ሲነፋ ባለንበት እንድንቆም ታዘዝን። ፈታኙ ሜትሩን እየጎተተ መጥቶ አየና ጻፈ። ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ።

ስሌቱን እዚያው በጭንቅላቴ ሠራሁ፤ ሠላሳ ስምንት ተኩል ገደማ። አንዷ ልጅ ሃያ ሜትር ጎድሏት አጠገቤ ታለቅስ ነበር። እጇን ይዤ እንዴት እንደጀመረች ጠየቅኋት። እኔ በመጀመሪያው ቀን እንዳደረግሁት በርራ ነበር የጀመረችው። «ለሚቀጥለው ደቂቃውን በየዙሩ ከፋፍለሽ ሩጪ» አልኳት።

ኮርሱን ጨረስኩ። በዚያው ዓመት አጅባር ላይ በትምህርት ቤቶች ውድድር የመስመር ዳኛ ሆንኩ፤ ባንዲራዬን ይዤ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ በመስመሩ ዳር ወዲያ ወዲህ ስል እግሬ አልከዳኝም።