ሁለት ኮከብ ለአሳ ጥብስ

አከራዬን እትዬ ነው የምላቸው። ሴቻ ሰፈር ሰማያዊ በር ያለው ግቢ አላቸው፤ እኔም ከጓሮ ካሉት ሁለት ክፍሎች በአንዱ እኖራለሁ። ክፍሎቹ የተሠሩት ያለ ፈቃድ ነው። ይህን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም፤ እትዬ ግን ከእሳቸውና ከግንበኛው በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስላቸውም። ለዚህ ነው ስልኬ ላይ የምግብ ማዘዣ መተግበሪያ ስጭን ከኋላዬ መጥተው የቆሙት።

«ቤቴን ካርታ ላይ እንዳታስገቢብኝ! ዛሬ ምሳ የመጣበት መንገድ፣ ነገ ማዘጋጃ ቤት ሜትር ይዞ ይመጣበታል።»

ተከራይ ምን አፍ አለው? የማድረሻ ምልክቱን ከቤታችን ሁለት መታጠፊያ ወደ ላይ፣ የሰፈሩ የውሃ ታንከር ጋ አስቀመጥኩት። ምግብ የሚያደርሱት ሞተረኞች ታንከሩ ጋ ይደርሳሉ፣ ይደውላሉ፣ እኔም በስልክ እየመራሁ አወርዳቸዋለሁ። «ቀኝ፣ አይ የኔ ቀኝ ሳይሆን ያንተ ቀኝ» እያልን ምሳው ይበርዳል። እኛም ስለለመድነው የአሳ ጥብስ ሲፈጥረው ቀዝቃዛ ይመስለን ጀምሮ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እትዬ ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ አሳ አማራቸውና በእኔ ስልክ አዘዝን። ሞተረኛው አዲስ ልጅ ነው። ታንከሩ ጋ ደርሶ ሲደውል እኔ ልብስ እያጠብኩ ስለነበር ስልኩን አልሰማሁም። ልጁም በር እያንኳኳ፣ ሰው እየጠየቀ ወረደና በራችን ላይ ክላክሱን አስጮኸው። እትዬ ከሸለብታቸው ብድግ አሉ። ጥብሱ ቀዝቅዟል፣ የዳጣው ዕቃ ክዳን ላልቶ በርበሬው እንጀራው ላይ ፈሷል። ልጁ ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። እኔ ውሃ ላመጣ ገባ ብዬ ስወጣ፣ እትዬ ስልኬን ይዘው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገዋል።

«ስልክሽ ጠየቀኝ፣ መለስኩለት» አሉ።

ሁለት ኮከብ። ከሥሩ ከተደረደሩት ምክንያቶች ደግሞ «ዘግይቷል» የሚለውን ነክተዋል። ሳቅሁ፤ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር።

በሳምንቱ፣ የምሳ ሰዓት ላይ፣ ያንኑ ልጅ ሴቻ ታክሲ ማቆሚያው ጥላ ሥር ሞተሩ ላይ ጋደም ብሎ አገኘሁት። በዚያ ሰዓት ሞተረኛ አይጋደምም። ሰላም አለኝና ለምን እንደማይሠራ ጠየቅሁት።

«ኦርደር አይመጣልኝም፣ እህቴ» አለና ስልኩን አሳየኝ። የኮከቦቹ አማካይ ከተወሰነው ልክ ዝቅ ብሏል። ከዚያ በላይ ላሉት ልጆች የምሳው ኦርደር ቀድሞ ይደርሳል፤ ለእሱ የሚደርሰው እነሱ ያልፈለጉት ነው። ይባስ ብሎ ከወረደ መተግበሪያው ራሱ ይዘጋበታል። «አዲስ ነኝ፤ የተቆጠረልኝ ኮከብ ትንሽ ነው። ብዙ ቢኖረኝ አንድ ሁለት ኮከብ ምንም አያደርገኝም ነበር። ደስ ያለው ሰው ደግሞ ምግቡን ይዞ ይገባል እንጂ ኮከብ አይነካም። ያልተነካ አይቆጠርም።»

«ማን እንደሰጠህ ታውቃለህ?»

«አያሳይም።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ሞተሩ የኪራይ ነው። እንዲህ ከቀጠለ ለባለቤቱ እመልሳለሁ።»

ፊቴ ጋለ። እየተጣደፍኩ ወደ ቤት ወጣሁ፤ በልቤ እትዬን ስሞግት፣ እሳቸው ደግሞ በልቤም ውስጥ ሲረቱኝ።

እትዬ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፍርድ ይወዳሉ እንጂ። በረንዳው ላይ ተቀምጠን ጉዳዩን አንድ በአንድ አነሳነው።

«ጥብሱ ቀዝቅዞ ነበር ወይስ አልነበረም?»

«ነበር። የቀዘቀዘው ግን ታንከሩ ጋ ነው። ታንከሩ ጋ ደግሞ የላክነው እኛ ነን።»

«ዳጣውስ? እሱንም እኛ ነን ያፈሰስነው?»

«የሚያሽገው ምግብ ቤቱ ነው፤ ልጁ ከፍቶ አያይም። ለምግብ ቤቱ ሌላ ኮከብ አለ፣ ለብቻው። እርስዎ የምግብ ቤቱን ባዶ ትተው ሁሉንም ልጁ ላይ ጫኑበት።»

«ክላክሱስ?»

ይሄን አመንኩላቸው። ክላክሱ የልጁ ነበር።

«እንግዲያው ለክላክሱ አራት ይበቃዋል» አሉ እትዬ በድል አድራጊነት።

«እትዬ፣ እዚያ አራት ጥሩ ማለት አይደለም። ልኩ ከአራት በላይ ስለሆነ አራትም ወደ ታች ይጎትተዋል። ሥራውን በደንብ ከሠራ አምስት ነው።»

«ታዲያ ምን ኮከብ አስደረደራቸው? 'ይብላ' እና 'አይብላ' ብለው ሁለት ብቻ አያደርጉትም?»

እውነታቸውን ነው። «ክላክሱን በአፍዎ ይንገሩት፤ በኮከብ አይቅጡት» አልኳቸው። ይሄ ገባቸው። በአፍ መቆጣት ለእትዬ ችግር ሆኖባቸው አያውቅም።

አንዴ የተሰጠ ኮከብ ግን ተመልሶ አይነካም። ለመተግበሪያው ድርጅት የእርዳታ መስመር ጻፍኩ፤ መዘግየቱ በእኛ አድራሻ ምክንያት እንደሆነ፣ ኮከቡ ከልጁ ሂሳብ ላይ እንዲነሳለት። አጣርተው ሊያነሱት እንደሚችሉ፣ መጀመሪያ ግን ምልክቱን ትክክለኛው በር ላይ እንዳደርግና ደውለው እንደሚያረጋግጡ መለሱልኝ። ሳነብላቸው እትዬ ፊታቸው ጠቆረ።

«በሬ ላይ?»

«በርዎ ላይ።»

ተነስተው ገቡ። ያን ቀን አላናገሩኝም። እኔም አልተኛሁም፤ ምልክቱን በጉልበት ባዛውረው የምወጣው ከእነ ፍራሼ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ተወት ባደርገው ደግሞ ያ ልጅ ሞተሩን ሊመልስ ነው። ፈርቼ ነበር፤ በመፍራቴም በራሴ ተናድጄ ነበር።

በማግስቱ ስልኬ ሲጮህ እትዬ ግቢ ውስጥ ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። የድርጅቱ ሠራተኛ፣ የአንዲት ወጣት ድምፅ። ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«የታዘዘው የውሃ ታንከሩ ጋ ነው የሚለው። ቤቱ እዚያ ነው?»

እትዬን አየኋቸው። እሳቸው ጎመኑን አዩ። ከዚያ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና ስልኩን ከእጄ መነጨቁት።

«ስሚ ልጄ! ቤቱ ታንከሩ ጋ አይደለም። ታንከሩ ጋ አድርጊው ያልኳት እኔ ነኝ፣ ልጁ ምንም አላጠፋም። ከታንከሩ ወደ ታች ሁለተኛው መታጠፊያ፣ ሰማያዊ በር። የኔ ቤት ነው! ከጓሮም ሁለት ክፍል ሠርቼበታለሁ፤ እሱንም ጻፊው!»

ድምፃቸው አጥር ተሻግሮ የጎረቤት ውሻ አስጮኸ።

«ክፍሉን አንጽፍም እማማ። በሩ ይበቃናል» አለች ልጅቷ።

እትዬ ስልኩን መለሱልኝና በረዥሙ ተነፈሱ። እዚያው እንደቆምኩ ምልክቱን ሰማያዊው በር ላይ አደረግሁት። ማዘጋጃ ቤት እስካሁን አልመጣም፤ እትዬ ግን መኪና በቆመ ቁጥር በአጥሩ ቀዳዳ ያያሉ።

ኮከቡ ተነሳለት። ይህን የነገረን ድርጅቱ ነው እንጂ ልጁ አይደለም፤ እሱ እስከ ዛሬ ማን እንደሰጠው አያውቅም። በቀጣዩ ቅዳሜ እትዬ አሳ እንዳዝ ነገሩኝ። ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆሙ፤ ስለ ክላክሱ የሚሉትን በቃላቸው አጥንተው ነበር። ምሳው ትኩስ ሆኖ መጣ፤ ያመጣው ግን ሌላ ልጅ ነው።

«ያኛውስ የት ሄደ?» አሉ እትዬ ቅር ብሏቸው።

አፋቸውን ሳይዘጉ የእኛው ልጅ ቦርሳውን አዝሎ፣ ምናልባት የሌላ ሰው ምሳ ይዞ፣ በበራችን ላይ ሽው ብሎ አለፈ። እኛን ለማየት ጊዜም አልነበረውም። እትዬ እስኪሰወር ድረስ አንገታቸውን አስግገው ተከተሉት።

«ይብዛለት» አሉና ምሳውን ይዘው ገቡ።