አምስት ሜትር ከአሥራ ሁለት

ወልደ ሐዋርያት በሰቆጣ አውራጃ ፍርድ ቤት ደጃፍ ሃያ ሁለት ዓመት የባለጉዳይ ማመልከቻ፣ ራፖር የሚሉትን፣ ጽፏል። የተወለደው ኒሯቅ አጠገብ ነው። አፉን የፈታው በኽምጣንጋ ሲሆን፣ አማርኛን ያወቀው ዳዊት ሲደግም፣ ያሳመረው ደግሞ በሰው ጉዳይ ነው። ጽሕፈቱ እንደ ብራና ጽሑፍ የተስተካከለ ነበር። ስሙ የወጣው ግን በጽሕፈቱ ብቻ አልነበረም፤ ሰው ማስለቀስ ይችልበታል። ላሟ የተወሰደባት ሴት መጥታ ፊቱ ስትቀመጥ፣ ላሟ በእሱ ብዕር «የሙት ልጆቼ ጉሮሮ የነበረች» ትሆናለች። ዳኛው የወልደ ሐዋርያትን ማመልከቻ መነጽሩን ሳያወልቅ አይጨርሰውም ይባል ነበር።

አንድ የማይለቀው ልማድ ነበረው። ጽፎ ሲያበቃ ለባለጉዳዩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነብለታል። ባለጉዳዩ ሰምቶ «ይህ የእኔ ነው» ካላለ በቀር ጣቱን ቀለም አያስነክረውም።

የመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ አንብቡ የሚባለው ሰው በዛ፣ የሚነበብ ነገር ግን ጠፋ። ስለዚህ የአውራጃው ስፖርት ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ምንዋጋው፣ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የስፖርት ጋዜጣ ሊለጥፍ አሰበና ጽሕፈቱ ያማረ ሰው ፈለገ። ወልደ ሐዋርያት እሺ አለ። የኳስ ጨዋታ ሲጽፍ የሚያስለቅስ ነገር ስላጣበት አሳጥሮ ጻፈው፤ ማን አገባ፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ ስንት ለስንት አለቀ። ሰዉም እየቆመ አነበበለት።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት አንድ ሰርኩላር ከላይ መጣ። ዓመቱ በዓለም ሁሉ የአካል ጉዳተኞች ዓመት ተብሏልና በአውራጃው ውድድር ላይ «የድኩማን ስፖርት» እንዲጨመር ያዝዛል። ምንዋጋው ከጽሕፈት ቤት ወደ ጽሕፈት ቤት ሲል ከርሞ ተቀምጠው አሎሎ የሚወረውሩ ሦስት ሴቶች አገኘ። አንዷ የሰቆጣው ነጋዴ የአቶ ኢብራሂም ልጅ ሰይዳ ናት። በልጅነቷ ልምሻ ሁለት እግሯን ይዟት በክራንች ነው የምትሄደው። ለሕክምና አዲስ አበባ ሁለት ዓመት በቆየችበት ጊዜ ውርወራ ተምራለች፤ ከተመለሰች በኋላም በአባቷ ሱቅ ሚዛን ሦስት ኪሎ የመዘነችውን ድቡልቡል ድንጋይ ከጓሮ ስትወረውር ነበር። ሁለተኛዋ የሰቆጣ ዙሪያዋ እታለም ናት። ሦስተኛዋ ጥሩሐረግ ከኒሯቅ በበቅሎ መጣች።

ውድድሩ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ተደረገ። ምንዋጋው መሬት ላይ በኖራ ክብ ሠርቶ አንድ የእንጨት ወንበር አስቀመጠና እግሮቹን በገመድ ከአራት ካስማ ጋር ጠፈራቸው፤ ወንበሩ ከተንቀሳቀሰ የወርዋሪዋ ጉልበት በከንቱ ይፈሳል። ሕጉንም ለተመልካቹ ተናገረ። እያንዳንዷ ሦስት ጊዜ ትወረውራለች፣ ከሁሉ የራቀው ይያዝላታል፤ አሎሎው ከእጇ ሳይወጣ መቀመጫዋ ከወንበሩ ከተነሣ ያ ውርወራ ይሰረዛል። ልኩ የሚወሰደው ከክቡ መስመር ውስጠኛ ጠርዝ ጀምሮ ብረቱ መሬት እስከ ነካበት እስከ ቅርቡ ምልክት ነው።

ወልደ ሐዋርያት ከገመዱ አጠገብ ቆሞ አየ። ሰይዳ ክራንቿን ለእኅቷ ሰጥታ፣ ወንበሩ ላይ ተደላድላ፣ ብረቱን ከአንገቷ ሥር አስጠግታ ስትገፋው ሆዱ ባባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላየም፤ ዓረፍተ ነገሩ በልቡ መደርደር ጀምሮ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጻፈው። «ዕድል ፊቷን ያዞረችባት፣ እግሮቿ የከዷት ምስኪን እኅታችን ሰይዳ ኢብራሂም በሥቃይ ሰንሰለት ታስራ ሳለች ብረት ስትወረውር ያየ ሁሉ እንባውን ሊገታ አልቻለም» ብሎ ጀመረና እስከ ገጹ ግርጌ በዚያው መንገድ ወረደ። ምንዋጋው አነበበውና ወደደው። «ትንሽ ወኔ ይጎድለዋል እንጂ» አለና በራሱ እጅ «ጉድለቷን ድል የነሣች ጀግና» የሚል ጨመረበት።

ወልደ ሐዋርያት ወረቀቱን ጠቅልሎ ወደ ግድግዳው አልሄደም። እግሩ በለመደው ወደ ባለጉዳይዋ ወሰደው።

ሰይዳ በአባቷ ሱቅ በረንዳ በእጅ የምትዞር የስፌት መኪና ላይ ነበረች። ቀሚስ እየዘመዘመች እንዲቀመጥ በዓይኗ ጠቆመችው። አነበበላት። ድምፁን ዝቅም ከፍም እያደረገ፣ ለዳኛ እንደሚያነብ አድርጎ አነበበላት። መኪናዋ መሐል ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ማን አሸነፈ?» አለችው ሲጨርስ።

ወልደ ሐዋርያት ወረቀቱን መልሶ አየው። የለም።

«ጥሩሐረግ ናት ያሸነፈችው» አለች ሰይዳ። «እኔ ሁለተኛ ነኝ። የእሷ ስም እንኳ የለበትም። እታለምም የለችበትም። ስንት ሜትር እንደወረወርን የለም። የእኔም ስም ከ‹ምስኪን› በኋላ ነው የመጣው።»

«ሰው እንዲያዝን ብዬ ነው እንጂ...»

«ሰው ለምን ይዘንልኝ? ምን ደረሰብኝ? ሁለተኛ ወጣሁ እኮ ነው።»

«እሺ፣ ማዘኑ ይቅር። ጀግና መባሉስ ምን ይከፋል?»

ሰይዳ ቀሚሱን ከመርፌው ሥር አወጣችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ባለፈው የተሸነፈውን የኳስ ቡድን ጀግና ብለው ጽፈዋል?»

«አልጻፍሁም። ሁለት ለአንድ ተሸነፈ ነው ያልሁት።»

«እኔ ደግሞ በሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር ተሸነፍሁ። በእጄ ነው የምወረውር፣ ማንንም ድል አልነሣሁም። ወንበር ላይ ስለተቀመጥሁ ብቻ ጀግና ከተባልሁ ጥሩሐረግ የበለጠችኝ በምንድን ነው ሊባል ነው?»

ወልደ ሐዋርያት ትንሽ ቅር አለው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም። «እንግዲያ እግርሽን ልደብቀው? እንደ ማንኛዋም ወርዋሪ ልጻፍሽ?» አላት።

«መደበቅማ የለበትም» አለች፤ አሁን ድምፅዋ ለሰለሰ። «ተቀምጠን እንደወረወርን ካልጻፉ አንባቢው ቆመው ከሚወረውሩት ጋር ያስተያየናል፤ ልኩም አይገባውም። ሕጉን ይጻፉት። ልምሻ ይዞኛል፣ እሱም እውነት ነው፤ ካስፈለገ አንድ ጊዜ ይባል። ‹በሥቃይ ሰንሰለት› ግን ከየት አመጡት? የሚያመኝ ነገር የለም። ‹ድኩማን› የሚሉትንም እንጃ። ድኩም የደከመው ነው። እኔ ትናንት ማታ ሁለት ቀሚስ ጨርሻለሁ።»

ወልደ ሐዋርያት ሳያስበው ሳቀ። እሷም ሳቀች። «እንደ ኳሱ ይጻፉት» አለችው። «የኳሱን እኔም ቆሜ አነበዋለሁ።»

«ይህ የእኔ ነው» እንዳላለች ገብቶታል። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ጥሩሐረግ ከዘመዶቿ ቤት ሳትነሣ ሊደርስባት ፈጠን ፈጠን እያለ ሄደ።

ጥሩሐረግ ገና አልተነሣችም፤ በቅሎዋ ስትጫን ደረሰ። በኽምጣንጋ ሲያናግራት ደስ አላት። ስለ አንቺ ምን ይጻፍ ሲላት ስለ እግሯም ስለ ኑሮዋም ምንም አላነሣችም። «ሁለተኛው ውርወራዬ ለምን እንደተሰረዘ ጻፍልኝ» አለችው። «መቀመጫዬ ተነሣ ነው የተባልሁት፤ እውነትም ተነሥቶ ነበር። ግን ከሩቅ የቆመው ሰው አልገባውም፣ ያጭበረበርሁ መስሎታል። የአገሬንም ስም አትርሳ።»

ከዚያ ልኮቹን ከምንዋጋው መዝገብ ለመገልበጥ ወደ ትምህርት ቤት ሄደ። ምንዋጋው አዲሱን ነገር ሲሰማ ደስ አላለውም። የእሱን «ጀግና» መሰረዝስ ይሁን፣ ሰርኩላሩ ግን «ድኩማን» ይላል፤ ከላይ የመጣ ቃል እንዴት ይለወጣል? ሁለቱ ብዙ ተነጋገሩ። ወልደ ሐዋርያት ከመንግሥት ቃል ጋር መላተም እንደማይበጅ ከማንም በላይ ያውቃል። በመጨረሻ «ቃሉን አንለውጠውም፣ አናነሣውም እንጂ» አለ። «ርእሱን በጨዋታው እንሰይመው። ኳሱን ‹የኳስ ጨዋታ› እንላለን፣ ይህንን ‹ተቀምጦ አሎሎ ውርወራ› እንበለው። ማን ይቆጣናል?» ምንዋጋው ሳቅ አለ። «በሪፖርቱ ላይ እኔ እንደ ሰርኩላሩ እጽፋለሁ፣ ግድግዳው የአንተ ነው» አለው።

ሁለተኛው ጽሑፍ የመጀመሪያውን ሩብ አያህልም፤ የወሰደበት ጊዜ ግን ሦስት እጥፍ ነው። የለመዳቸው ቃላት እጁ ላይ እየመጡ ሲያስቸግሩት አንድ በአንድ ሲሰርዝ ዋለ። «ብትሆንም» ብሎ የጀመረውን ሁሉ ተወው፤ እንደገና ሲያነበው በየቦታው ኀዘኔታ የሚጋብዘው ይኸው ቃል ሆኖ ስላገኘው። ያለቀው እንዲህ ይላል፤

«ተቀምጦ አሎሎ ውርወራ፣ ሴቶች፣ ሦስት ኪሎ። የኒሯቋ ጥሩሐረግ በሦስተኛው ሙከራ አምስት ሜትር ከአሥራ ሁለት ወርውራ አንደኛ ወጣች። የመጀመሪያው ሙከራዋ አራት ከዘጠና ነበር፤ ሁለተኛው መቀመጫዋ ከወንበሩ በመነሣቱ በሕጉ መሠረት ተሰርዟል። የሰቆጣዋ ሰይዳ ኢብራሂም በአራት ሜትር ከሰማንያ ሰባት ሁለተኛ፣ የሰቆጣ ዙሪያዋ እታለም በአራት ሜትር ከአምስት ሦስተኛ ሆነዋል። ወርዋሪዎቹ በእግራቸው ላይ ጉዳት ስላለባቸው ከታሰረ ወንበር ላይ ሆነው ይወረውራሉ፤ የሚወዳደሩትም እንደነሱ ተቀምጠው ከሚወረውሩ ጋር ነው። ሰይዳ ‹ክንዴ ደህና ነበር፣ አለቃቀቄ ዘገየ› ብላለች።»

የመጨረሻዋን ቃል የነገረችው ጽሑፉን ሊያነብላት በሄደ ጊዜ ነበር። ሰምታ ጨረሰችና «ይህ የእኔ ነው» አለች። ቀጥላም «የጥሩሐረግም ነው» አለች።

ወረቀቱ በገበያ ቀን ተለጠፈ። ወልደ ሐዋርያት ጥግ ይዞ ቆሞ ፊታቸውን ተመለከተ። ያለቀሰ የለም፤ ይህ መጀመሪያ ትንሽ ቅር አሰኘው። ከመሠረተ ትምህርት በቅርብ የተመረቁ ሁለት ገበሬዎች ፊደሉን እየቆጠሩ ጮክ ብለው ሲያነቡ ሰው ከበበ። «አምስት ሜትር ከአሥራ ሁለት እስከ የት ነው?» አለ አንዱ። ሌላው ከግድግዳው ጀምሮ በእርምጃ ለካና «እስከዚህ» አለ። ይህ አይሆንም፣ ይሆናል ተባባሉ። አንድ ጎረምሳ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ወንበር አስወጥቶ ተቀመጠና እዚያው ያገኘውን ድንጋይ ወረወረ፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ ድንጋዩ ከሦስት እርምጃ አላለፈም። «ወንበሩ መታሰር አለበት፣ ተጽፏል እኮ» አለው ያነበበው ገበሬ። ሰዎቹ ሳቁ፣ ሌላው ተነሥቶ ወንበሩን ያዘ። ሰይዳ በክራንቿ ከዚያ ስታልፍ «አለቃቀቅሽ ለምን ዘገየ?» ብሎ የጠየቃት ሰው ነበር፤ ቆማ በእጇ እያሳየች አስረዳችው። ወልደ ሐዋርያት ይህን ከጥጉ ሲያይ የእንባውን ነገር ረሳው።

በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ራፖር መጻፉን አልተወም፤ ዳኛውም መነጽሩን ማውለቁን አልተወም። ግድግዳው ግን ሌላ ብዕር ለመደ። በሚቀጥለው ዓመት ሰይዳ አምስት ሜትር ከሦስት ስትወረውር የጻፈው አራት መስመር ብቻ ነበር፤ እሷም ሥራዋን ሳታቆም ሰምታ «ይሁን» አለችው።

ከመጀመሪያው ውድድር ጥቂት ሳምንታት በኋላ የጥሩሐረግ ወንድም ጨው ሊገዛ ሰቆጣ ወጥቶ ነበርና ወደ ወልደ ሐዋርያት መጣ። እኅቱ ስለ እሷ የተጻፈውን ወረቀት ፈልጋለች። ወልደ ሐዋርያት ጥሩ ወረቀት መርጦ፣ ልኩን ከሌላው ፊደል ጎላ አድርጎ ገለበጠለት። ሰውየው አማርኛ ማንበብ አይችልምና «ምን ይላል?» ሲለው ወደ ኽምጣንጋ እየመለሰ አነበበለት። ለባለጉዳዮቹ ማመልከቻቸውን እንዲህ ሲመልስ ዘወትር መሐል ላይ ይያዝ ነበር፤ ያን ሁሉ እንባ የሚሸከም ቃል በእናቱ ቋንቋ አያገኝለትም። ይህ ግን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አንድም ቦታ ሳያደናቅፈው ሄደለት። ወንድምየው አዳምጦ «አምስት ከአሥራ ሁለት» አለ፣ ወረቀቱን አጥፎ ከነጠላው ጫፍ ቋጠረና ወደ ጨው ተራ ወረደ።