ለአሸዋው የቀረው ድርሻ

ወንፊት የሚለውን ስም ያወጡላት የላቦራቶሪ ባልደረቦቿ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አፈር ስትነፋ፣ ስትመዝን፣ ምድጃ ውስጥ አድርቃ መልሳ ስትመዝን የኖረች ሴት ሌላ ምን ትባል? ጡረታ ስትወጣ ስሙም አብሯት ወጣ፤ የምትኖርበት ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ሰው በሙሉ እትዬ ወንፊት ይላታል። ባል አላገባችም፣ ልጅም የላትም። የወንድሟ ልጅ በዓመት ሁለቴ ትደውልና "ደህና ነሽ አክስቴ?" ትላለች፣ እሷም "ደህና ነኝ" ትላታለች፣ ያው ነው። ምድር ቤቱ ካለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤቷ ጠዋት ትወጣና ዳቦ ገዝታ ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ እስከ አስር ሰዓት የሚያናግራት ሬድዮው ብቻ ነው።

አስር ሰዓት ላይ ግን ሹፌሩ ከሦስተኛ ፎቅ ይወርዳል። ሚስቱ የሞተችበት፣ ዕድሜውን በከባድ መኪና መንገድ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። ግቢው ውስጥ ካለው የእንጨት ወንበር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡና ሻያቸውን ይዘው ይጨቃጨቃሉ። እሱ ስላየው ገደል ሁሉ ያወራል፣ እሷ ገደሉ ለምን እንደተናደ ታስረዳዋለች። "አንቺ እኮ ሰው አልቅሶ ሲነግርሽ እንኳ እንባውን ትመዝኛለሽ" ይላታል። አንዲት ልጁ ሌላ ከተማ ነች፤ ና ከኔ ጋር ኑር እያለች ትጨቀጭቀዋለች። እሱ ደግሞ "እዚያ ከሄድኩ ከሶፋው ጋር የሚቆጠር ዕቃ እሆናለሁ" ብሎ በጄ አይልም። የወንፊት ቀን ማለት ያቺ አንዲት ሰዓት ናት፤ ሌላው ሰዓት እሷን መጠበቂያ ነው።

እንግዲህ ወደ ጉዱ እንምጣ። ከዘበኛው ቤት አጠገብ፣ ሕንፃው ሲሠራ የተተከለ፣ ክዳን ያለው ቀጭን ቧንቧ አለ። ወደ መሬት አሥራ ሁለት ሜትር ይወርዳል፤ ከሥር ያለው ውሃ መሠረቱን እንዳያሰጋ የት እንደደረሰ ለማወቂያ ነው። ዘበኛው በየወሩ ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት ሜትር ይሰድና ብረቱ ውሃውን ሲነካ ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጽፋል። ደብተሩን የሚያየው የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው፤ ፋርማሲ ያለው፣ ጨዋና ችኩል ሰው። ቁጥሩ ዘጠኝ ሜትር ነበር። ከዚያ ሰባት ሆነ፣ አምስት ሆነ፣ በመጨረሻ ሁለት። ሊቀመንበሩ በየስብሰባው ደስ ብሎት "ውሃው እየቀነሰ ነው፤ ዘጠኝ ሜትር የነበረው አሁን ሁለት ሜትር ብቻ ቀርቷል" ይላል። ሰውም ያጨበጭባል። የፈረደበት ቁጥር! የሚለካው ከቧንቧው አፍ ወደ ታች መሆኑን፣ ቁጥሩ ሲያንስ ውሃው ወደ ላይ እየመጣ መሆኑን ልብ ያለ የለም። ወንፊትም ስብሰባ አትወድም፤ ሄዳ አታውቅም።

ነገሩን ያወቀችው በኩሽናዋ ግድግዳ ነው። አንድ ማለዳ ማዕዘኑ ላይ የጡቡን መስመር ተከትሎ እንደ ደረጃ የሚወርድ ስንጥቅ አየች። ሌላ ሰው ቢሆን ቀለም ይቀባበት ነበር። እሷ ወጥታ የዘበኛውን ደብተር ጠየቀች፤ ቆማ ገለጠችው፤ ከዚያ ሜትሩን ተቀብላ ራሷ ለካች። ሁለት ሜትር። መሠረቱ ያረፈው አንድ ሜትር ተኩል ላይ ነው። ቁልቁል ያለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሌት ተቀን ከጉድጓድ ውሃ ይስብ እንደነበርና ከተዘጋ ሦስት ዓመት እንዳለፈው ትዝ አላት። የሚስበው ሲጠፋ ውሃው ወደ ድሮ ቦታው እየተመለሰ ነበር። ደብተሩን ለዘበኛው መልሳ ሰጠችው።

"ደህና ነው እትዬ?" አላት።

"ደህና ነው" አለችው።

ደህና አልነበረም፤ ሆድ ያውቀዋል። ዝም አይነቅዝም የሚሉት ሰዎች የወንፊትን ዝምታ ቢያዩ ኖሮ ተረታቸውን ያርሙ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ያየችውን ለራሷ ያዘች። ከተናገረች መሐንዲስ ይመጣል፣ መሐንዲስ ከመጣ ውጡ ይላል፣ ውጡ ከተባለ ሹፌሩ ልጁ ቤት ይሄዳል። ካልተናገረችም ቤቱ ለጊዜው ይቆም ይሆናል፤ ሕንፃ ሲሠራ ከሚሸከመው በላይ እንዲችል ተደርጎ ነው። ይህን ለራሷ እየነገረች በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ ሻይዋን ይዛ ትወጣ ነበር። አንድ ቀን ሹፌሩ "ምነው ፊትሽ ጠቆረ?" ሲላት "እንቅልፍ ነው" አለችው። እሱም ነገሩን አልገፋበትም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ግቢው ውስጥ ብረትና ጡብ ተራገፈ። ኮሚቴው ሕንፃው ላይ ሁለት ፎቅ ሊጨምር ወስኖ ነበር። ሰኞ ሥራ ይጀመራል፣ እሑድ ጠዋት ደግሞ ለነዋሪው ማብራሪያ ይሰጣል ተባለ። ወንፊት ያን ጊዜ ቁርጧን አወቀች። ስንጥቅ አንድ ነገር ነው፤ በላዩ ሁለት ፎቅ መጫን ግን ሰው መግደል ነው። እሑድ ሊቀመንበሩ "ውሃውም እየቀነሰ ስለሆነ" ብሎ ሲጀምር ተነሳች።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ውሃው አልቀነሰም። እግራችን ሥር ደርሷል" አለችና የቧንቧውን አለካክ ነገረቻቸው። ሊቀመንበሩ ደብተሩን አገላብጦ አየ፤ ጆሮው ሳይቀር ቀላ።

"እሺ እትዬ፣ ውሃው ይምጣ። አሸዋው ውስጥ ቢገባ ምን ይሆናል? እኔ እንደሚገባኝ እንዲያውም ሸክሙን ያግዘዋል።"

"ያግዘዋል። ችግሩ እሱ ነው" አለች። ከዚያ ዞር ብላ ሹፌሩን ጠራችው። "አፈር ስሆን፣ ና አንዴ። አራት ጡብ በተርታ አቁምና ከሁለት ጫፍ በመዳፍህ ተጭነህ አንሳልኝ።"

ሹፌሩ ክንዱ አሁንም የሹፌር ክንድ ነው። ጎንበስ ብሎ አራቱን ጡብ በመዳፎቹ መሀል አጣብቆ አነሳቸው። መሀል ያሉትን ሁለቱን ከሥር የያዛቸው ነገር የለም፤ ግን አልወደቁም።

"አያችሁ? የያዛቸው መጫኑ ነው። አንዱ በሌላው ላይ ስለተጫነ ተፋጭተው ቆመዋል። አሸዋም እንደዚህ ነው፤ ፍሬው ፍሬውን በተጫነ ቁጥር ይጠነክራል። አሁን እጅህን ላላ አድርግ፣ ጥቂት።" ላላ ሲያደርግ መሀሎቹ ሁለት ጡቦች እግሩ አጠገብ ዱብ አሉ። ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። "ጡቡ አልከበደም። የቀነሰው መጫኑ ነው።"

ከዚያ በጣቷ አየር ላይ እየጻፈች ቁጥሩን ነገረቻቸው። ከመሬት አምስት ሜትር ታች አንድ ካሬ ሜትር ላይ፣ አሸዋው ደረቅ ሲሆን ከላዩ ያለው አፈር ስምንት ቶን ተኩል ገደማ ይመዝናል። ውሃ ስለሌለ ይህን ሁሉ የሚቀበሉት ፍሬዎቹ ናቸው። ውሃው እስከ ላይ ቢሞላ አሸዋው ረጥቦ ይከብድና ጠቅላላው አሥር ቶን ይሆናል። "ግን በክፍተቶቹ ያለው ውሃ በራሱ ይገፋል፤ ከአሥሩ አምስቱን ይወስዳል። ለአሸዋው የሚቀረው አምስት ብቻ ነው። የምድር ጉልበት የሚለካው በዚህ በሚቀረው ነው እንጂ በጠቅላላው አይደለም። ውሃ ሲገፉት ይሸሻል፤ ተፋጭቶ መያዝ አያውቅም። ከመሠረታችን ሥር ያለው አሸዋ ጉልበቱ ወደ ግማሽ እየወረደ ነው። እናንተ ደግሞ ሁለት ፎቅ ልትጨምሩበት ነው።"

"እንግዲያው በፓምፕ እንሳበው!" አለ ከኋላ አንድ ሰው።

"ዝም ብሎ አይሳብም። ውሃው በአንዴ ሲወጣ ይዞት የነበረው ሸክም መልሶ ፍሬዎቹ ላይ ይወርዳል። ልል የሆነው ቦታ ይጨመቃል፣ ሌላው ባለበት ይቀራል፤ ሕንፃው እኩል ካልወረደ ይሰነጠቃል። እየለካ የሚያደርገው መሐንዲስ ያስፈልጋል።" ይህን ብላ ተቀመጠች።

መሐንዲሷ በሦስተኛው ቀን መጣች፤ ወጣት ናት፤ ወንፊትን "እማማ" እያለች ስንጥቁን ሁሉ አብራት ዞረች። ማዕዘኑ ሥር ያለው አሸዋ ልል ነው፤ ሕንፃው ወደዚያ መዝመም ጀምሯል። የፎቁ ነገር ቀረ። መሠረቱ እስኪጠናከር ድረስ፣ ምናልባት አንድ ዓመት፣ ምናልባት ከዚያ በላይ፣ ነዋሪው በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲወጣ ታዘዘ። ሰው መቼም ጉድ ነው፤ ያዳነችውን ሴት ደረጃ ላይ ሲያገኛት ፊቱን ያዞር ጀመር። ሊቀመንበሩ ብቻ በሯን አንኳክቶ "ይቅርታ እትዬ፣ ዓይኔን ሸፍኖኝ ነው" ብሏት ሄደ።

የሹፌሩ ልጅ ቅዳሜ መኪና ይዛ መጣች። ዕቃው ተጭኖ ሲያልቅ ሰዓቱ አስር አልሆነም፤ እሱ ግን ወርዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ወንፊት ወጣች። ሻይ አልነበረም፤ ማንቆርቆሪያው ካርቶን ውስጥ ገብቷል።

"የምነግርህ አለ" አለችው። "ያኔ እሑድ ስናገር፣ ካወቅሁ ከአሥራ አንድ ቀን በላይ አልፎኝ ነበር።"

"ለምን ዝም አልሽ?"

"እንዳትሄድብኝ።"

ሹፌሩ ወደ ጫማው አየ። "የኔ በር አልዘጋ ካለ ሁለት ወር አለፈው" አለ። "ሕንፃው እንደዘመመ ገብቶኛል፤ ስንት የዘመመ መኪና ያነሳሁ ሰው ነኝ። መላጊያ ገዛሁና፣ ሰው እንዳይሰማ ሬድዮውን ከፍቼ፣ በሩን ላግኩት።"

"ለኔ እንኳ አትነግረኝም?"

"ብነግርሽ ትለኪው ነበራ።"

ልጁ ከመኪናው ውስጥ "አባዬ፣ ይመሽብናል" አለች። ተነሳ። ጨብጧት አያውቅም፤ ጨበጣት፣ እጇን ቶሎ አልለቀቀም። ከዚያ ገብቶ የተሳፋሪው ወንበር ላይ፣ ዕድሜውን ሙሉ ተቀምጦበት በማያውቀው በኩል፣ ተቀመጠ። መኪናው በበሩ ሲወጣ ወንፊት ጥቂት ተከተለችው። አትሂድ ልትለው አፏን ከፈተች፤ ግን ያን እሑድ ተነስታ ስትናገር ሂድ ያለችው ራሷ ነበረች።