በዓይኔ ያየሁት ማስታወቂያ

ዕድሜዬን ሰው የጻፈውን ሳርም ኖሬ፣ አሁን ማሽን የጻፈውን ማረም ሆኗል እንጀራዬ። ረቂቁን ማሽኑ ያወጣል፤ እኔ ሰው የተናገረው እስኪመስል እሞርደዋለሁ። ስለዚህ የልጄ የክርስትና እናት፣ አበልጄ፣ «ማሽኑ የጻፈልኝን እስቲ እየው» ብላ ስትደውል፣ እንደሌላው ጊዜ ያለ መስሎኝ እሺ አልኩ።

አበልጄ በምንኖርበት የባዕድ አገር ከተማ፣ ኦስትኤንድ በሚባል ሰፈር ቢሮ አላት። ድርጅቷ አቅም የደከማቸውን አረጋውያን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ያጥባል፣ ያለብሳል፣ መድኃኒታቸውን ይሰጣል። በአማርኛ የሚሰጥ አገልግሎት ነው ብላ ለእኛ ሰው ማስታወቂያ ልታሳትም ነበር። የላከችልኝ ረቂቅ «ለውድ ቤተሰብዎ ዘመናዊና ሁሉን አቀፍ የእንክብካቤ መፍትሔዎችን እናቀርባለን፤ የአንተ ደህንነት የእኛ ቅድሚያ ነው» ይላል። የድርጅቱን ስም አውጥታችሁ የጎማ መሸጫ ስም ብታስገቡበት አንድ ቃል ሳይቀየር ይሠራል። ደግሞ አንዱ አንቀጽ ላይ «እርስዎ»፣ ሌላው ላይ «አንተ» ይላል። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌን አንተ ማለት! ደሜ ፈላ።

በመጀመሪያ አንድ ገጽ ደንብ ጻፍኩላት። ድርጅቱ ሰው ቢሆን እንዴት ይናገራል? በደንብ ያደገ ጎረቤት ደጅ ላይ ቆሞ እንደሚናገረው ይናገር አልኩ። ከላይ እስከ ታች «እርስዎ» ይባል። ዓረፍተ ነገሩ ይጠር። «መፍትሔ» እና «ደንበኛ» የሚባሉ ቃላት ዝር አይበሉ። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሚያደርግ ያልተነገረበት ተስፋ አይሰጥ። ይህን ካልኩ በኋላ ግን ዝርዝሩን ከየት ላምጣው? ከጭንቅላቴ አልፈጥርም። «ከሠራተኞችሽ ከአንዷ ጋር አንድ ጠዋት ልዋል» አልኳት። አንድ አዛውንትን አስፈቅዳ ኡንተርሊደርባህ በሚባል ሰፈር ቤታቸው ላከችኝ።

ያቺን ሠራተኛ አልረሳትም። ደወሉን አንዴ ደውላ ዝም ብላ ጠበቀች፤ «እስኪነሡ ነው፣ ደጋግሜ ብደውል ይጣደፉና ይወድቃሉ» አለችኝ። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ከቦርሳዋ የሱፍ ጫማ አወጣች። አዛውንቱን ከመንካቷ በፊት እጇን በሙቅ ውሃ አሞቀች። «አሁን ቀኝ እጅዎን ላነሣ ነው» ሳትል አንዲት ጣት አላንቀሳቀሰችም። ቀኑ ዓርብ ስለነበር ቁርሱን ያለ ወተት አዘጋጀች። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ሁሉንም ጻፍኩ፤ እውነቱን ለመናገር እንባዬ መጥቶ ነበር።

ጽሑፉ ከዚያ በኋላ በአንድ ቁጭታ አለቀ። «ደወሉን አንዴ ደውለን እንጠብቃለን፤ ቀስ ብለው ይምጡ። ጫማችንን በር ላይ እናወልቃለን። እጃችንን ሳናሞቅ አንነካዎትም። ረቡዕና ዓርብ ቁርስዎ የጾም ነው። ጠዋት ጠዋት የሚመጣልዎት አንድ ሰው ነው፤ ስሙን ያውቁታል።» ግን አንዲት ሴት ያደረገችውን «እኛ» ብዬ ስጽፍ ሥጋት ገባኝ። እያንዳንዱን መስመር ለይቼ «ይሄ በሁሉም ቤት ይደረጋል?» ብዬ ላክሁላት። አበልጄ በድምፅ መለሰችልኝ፤ «አዎ አበልጄ፣ ሁሉም ቤት። አትጨነቅ፣ እንዳለ ይውጣ።» አመንኳት። ልጄን ያነሣችልኝን ሴት ካላመንኩ ማንን ልመን?

እኔ ኖርድቬስትሽታት የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው። ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ አንዲት ኤርትራዊት እናት አሉ፤ ድሮ በአማርኛ የተማሩ፣ ንባባቸው ከእኔ ልጆች የሚሻል። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ብቻቸውን መታጠብ አቅቷቸዋል። የሚመጣውን ረዳት ሁሉ ግን «እንግዳ ሰው አይነካኝም» ብለው መልሰዋል። ሩቅ ከተማ ያለችው ልጃቸው ከእንግዲህ ከአንድ ሙከራ በላይ እንደማትጠብቅ፣ ያ ካልሆነ ወደ አረጋውያን ቤት እንደምታስገባቸው ነግራቸዋለች። ማስታወቂያውን ከቤተ ክርስቲያን ይዘው መጡና ሊፍት ውስጥ አሳዩኝ።

«ወደይ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» አሉኝ። ወደይ ማለት በእሳቸው አፍ ልጄ ማለት ነው።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት እማማ። በዓይኔ ያየሁት ነው» አልኳቸው። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

በዚያው ሳምንት ከአበልጄ ድርጅት ጋር ውል ፈረሙ።

ብዙም ሳይቆይ አስጠሩኝ። ፀጉራቸው አልተበጠረም። «አንዷ ትናንት፣ ሌላዋ ዛሬ። ስማቸውን እንኳ አላውቅ» አሉ። «ደወሉን እንደ እሳት አደጋ ይደውላሉ። በጫማ ምንጣፌን ይረግጣሉ። እጃቸው በረዶ ነው። አማርኛ የሚሰማ የለም። ዓርብ እርጎ ሰጥተውኝ ሄዱ።» በሠራተኞቹ አልፈርድም፤ የሚዞሩበት ቤት ዝርዝር ረጅም ነው፣ ደንቤንም ያሳያቸው የለም።

በማግስቱ ኦስትኤንድ ሄድኩ። አበልጄ ስቃ ተቀበለችኝ።

«ያቺ ሴት የት አለች?» አልኳት።

«እሷማ ሄደች። ኩንዲጉንግ፣ የሥራ መልቀቂያ፣ ካስገባች ቆየች እኮ፤ አንተ የሄድክ ቀን የመጨረሻ ሳምንቷ ነበር።»

«ልትለቅ መሆኑን እያወቅሽ ላክሽኝ?»

«ታዲያ ከማን ጋር ልላክህ? እንደሷ የሚሠራ ሌላ የለኝም!» አለች። ከአፏ ያመለጣት ወዲያው ስለገባት ድምፅዋን አለሰለሰች። «ማስታወቂያ ነው እኮ አበልጄ። ማን ቃል በቃል ይወስደዋል?»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። «ማስታወቂያውን ሰብስቢው፣ ሰው እየተታለለ ነው» አልኳት። እሷ ግን የምትነግረኝ የምሥራች ያላት ይመስል ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረች። ያችን አንድ ገጽ ደንቤንና ማስታወቂያውን ለማሽኑ ሰጥታው ሌላ አስጽፋለች። ጽሑፉ የአንድ አባት ሬዲዮ ዜና እስኪጨርስ ጠብቃ የደም ግፊት ስለምትለካ ሠራተኛ ነው። እንዲህ ያለች ሠራተኛ የለችም፣ እንዲህ ያሉ አባትም የሉም። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው። «እርስዎ» ከላይ እስከ ታች አልተዛነፈም። «መፍትሔ» የሚል ቃል የለበትም።

«አየህ፣ ቁርጥ አንተን!» አለችኝ።

እርማት ልፈልግለት ሁለቴ አነበብኩት፤ የሚታረም አጣሁበት። ከዚያ በላይ የተናደድኩበትን ቀን አላስታውስም። ያንን ባዶ ረቂቅ እንዳለ ትቼው ቢሆን ኖሮ ማንም አያምነውም ነበር። ማንንም አይጎዳም ነበር። እንዲታመን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ አሁን ደግሞ ማሽኑንም አስተምሬዋለሁ። ሳልሰናበታት ወጣሁ። እስከ ዛሬ አልተነጋገርንም፤ ልጄ «ክርስትና እናቴ ምን ሆነች?» ስትለኝ ሥራ በዝቶባት ነው እላለሁ።

ከአበልጄ ቢሮ ቀጥታ እማማ ዘንድ ወጣሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሴትየዋ መልቀቋን፣ አበልጄ ማወቋን፣ እኔ አለማወቄን።

«የፈረምኩት እኮ ለወረቀቱ አይደለም» አሉኝ። «አንተ አየሁ ስላልክ ነው። አሁን ልጄ ቅዳሜ ትመጣለች። ሃይም፣ የአረጋውያኑን ቤት፣ ልናይ ነው።»

እጄ ማድረግ የሚችለውን አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ። «ይቅር ይበሉኝ እማማ። ቢያንስ የውል ማፍረሻ ደብዳቤውን እኔ ልጻፍልዎት» አልኩ።

ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡና በሩን ከፈቱልኝ።

«ተወው ወደይ። የልጅ ልጄ ትጽፈዋለች» አሉ። «አንተ ስትጽፍ ሰው ያምናል።»