ሰላምታውን አሳጥር

ኮምቦልቻ በምከራይበት ግቢ ያሉ ሴቶች «ኩሩ ናት» ይሉኛል። ስልክ ሳነሳ «አቤት» እላለሁ፤ ጉዳዩን እሰማለሁ፤ «እሺ» ብዬ እዘጋለሁ። ወሎ ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተቀይሟል። አንድ ቀን የቤቱ ባለቤት፣ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት፣ «ልጄ፣ ሰላምታ እኮ ቀረጥ የለበትም» አሉኝ። ሳቄ መጣ። ቀረጥ ያለበት አገር ኖሬ እንደመጣሁ ለእሳቸው ከየት ጀምሬ ላስረዳ? «ይቅርታ እማማ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው» ብዬ ገባሁ።

ወታደር ነበርኩ፤ የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ። ጦርነት ሲባል ለሰው የሚታየው ታንክና መድፍ ነው። እኔ የማውቀው ጦርነት ግን አብዛኛው በጆሮ ነው። በሬዲዮ የተነገረ ነገር ወዳጅን ብቻ መርጦ አይደርስም፤ ያዳመጠ ሁሉ ይይዘዋል። ቃሉ በምስጢር ተቆልፎ ማንም ባይረዳው እንኳ ከየት እንደተነሳ ይታወቃል። ሁለት የተለያየ ቦታ ያሉ አድማጮች ሞገዱ የመጣበትን አቅጣጫ ይለኩና ካርታ ላይ መስመር ያሰምራሉ። መስመሮቹ የተገናኙበት አካባቢ ተናጋሪው አለ። አካባቢው ከታወቀ ደግሞ ድሮን ልኮ ሰውየውን በዓይን መፈለግ ነው። ንግግር በረዘመ ቁጥር ሥራቸው ይቀልላል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው ተረት ለእኛ ምክር ሳይሆን የሥራ መመሪያ ነበር።

ይህን መመሪያ ጨርሶ ያልገባው አንድ ጓደኛ ነበረኝ፤ የሐርቡ ልጅ። ሬዲዮ ሲይዝ እንግዳ የተቀበለ ይመስለዋል። «አሰላሙ አለይኩም! አፊያ ናችሁ? ሰዉ እንዴት ነው? አገሩ አማን ነው?» ይልና ከዚያ በኋላ ነው ጉዳዩ። «ሰላምታውን አሳጥር!» እያልኩ ስንት ጊዜ ጮኽኩበት። «አንቺ እህቴ፣ ሰላም ያላሉትን ሰው እንዴት ሥራ ያዙታል?» ይለኛል። ያናድደኝ ነበር፤ ደግሞም ድምፁን ካልሰማሁ ቀኑ አይመሽልኝም።

ከእሱ ሌላ የሚያዋራኝ ሰውም አልነበረም። ስልኮቻችን ተሰብስበው ምሽጋችን ካለበት ተራራ ሥር ቀርተው ነበር። የበራ ስልክ ማንም ባይደውልበት እንኳ ከኔትወርክ ማማው ጋር መነጋገሩን አይተውም፤ ያለበትን ያሳብቃል። ሌላም ጣጣ ነበረው። ያን ሰሞን «የቁስለኞች ስም ዝርዝር» የሚል ፋይል በቴሌግራም ይዞር ጀመር። ወንድሙ የጠፋበት ሰው እንዴት ብሎ አይከፍተው? ሲከፈት ስም የለውም፤ ስልኩ ውስጥ ያለውን መልእክትና ፎቶ እየቀዳ ወደማይታወቅ ቦታ የሚልክ ፕሮግራም ነው። ሳይበር የሚሉት ጦርነት ይህ ነው። የኛው የሬዲዮ ውጊያ አየሩን ይጋፋል፤ እሱ ግን በር አንኳኩቶ ባለቤቱን ራሱን ያስከፍታል። ተንኮሉ ኮምፒውተር ከማወቁ ይልቅ ናፍቆትን ማወቁ ነው። እኔም ደሴን ከላይ ከሚያያት ተራራ ላይ ተቀምጬ፣ የእናቴን ቤት ቆርቆሮ እያየሁ፣ ድምጿን ሳልሰማ ከረምኩ። ብቸኝነት ማለት ለእኔ እስከ ዛሬ ያ ቆርቆሮ ነው።

ነገሩ የሆነው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ጉም ተራራውን ሁሉ ውጦት ነበር፤ እኛም ደስ ብሎናል፤ በጉም ውስጥ ድሮን አጥርቶ አያይም። ጓደኛዬ ከማዶ፣ ወደ ኩታበር በሚያሳየው ሸንተረር ላይ ነበር። ድንገት ሬዲዮው ላይ ዝናብ የመሰለ ጩኸት ተሰማኝ። ጃም ተደርገናል ማለት ነው፤ በእኛ ሞገድ ላይ ጠንካራ ጫጫታ እየለቀቁ ንግግራችንን መዋጥ።

ጃም የሚያደነቁረው ጆሮን ነው፤ አፍን አይደለም። ጫጫታው የሚመታው የሚያዳምጠውን ሬዲዮ ነው። የእሱ ሸንተረር ለጠላት ፊት ለፊት ስለሆነ እሱ ከጫጫታው ሌላ ምንም አይሰማም። እኔን ግን ከፊቴ ያለው ኮረብታ ስለከለለኝ ጩኸቱ ተዳክሞ ነበር የሚደርሰኝ፤ የጓደኛዬን ድምፅ በውስጡ እየለየሁ እሰማለሁ።

«አሰላሙ አለይኩም፤ ትሰሙኛላችሁ?»

ደንቡ ግልጽ ነው፤ ጃም ሲሆን ዝም በል፣ ወደ ተጠባባቂው ሞገድ ዙር። እሱ ግን ያደገው ሰላምታው ካልተመለሰለት ደግሞ ሰላም በሚል ሰው መካከል ነው። ደገመው። «አፊያ ናችሁ? ኧረ ሰዎች!» ሠለሰው። በየቃሉ መስመሮቹ ካርታው ላይ ሲሰመሩ ይታየኝ ነበር።

መናገሪያውን ሳነሳ አጠገቤ የነበረው አለቃችን ሻምበሉ እጄን ያዘኝ። «እሱ አይሰማሽም» አለኝ። «የማይሰማሽ እሱ ብቻ ነው።»

«በሽቦ ስልክ ልደውልና ሰው ይውጣለት፣ ጌታዬ?» አልኩ። በሽቦ የሚሄድን ድምፅ በአየር ላይ ጫጫታ ማንም አያፍነውም። ሽቦው ግን የሚደርሰው ሸንተረሩ ሥር እስካሉት ወታደሮች ድረስ ነበር። «ደውዪ» አለ። ደወልኩ። «አንድ ሰው ሮጦ ይውጣ። ዝም ይበል፣ ቦታ ይልቀቅ በሉት። ከእኔ ነው በሉት።» መልእክተኛው ዳገቱን ጀመረ ተባለ።

ከዚያ በኋላ ማዳመጥ ብቻ ነበር። ጉሙ ከማዶ እየሳሳ ሄደ፤ መጀመሪያ ባሕር ዛፎቹ ታዩ፣ ቀጥሎ ድንጋዩ። ድምፁ ተለውጦ ነበር። «እናንተ፣ አላችሁ ወይስ አልቃችኋል? ሁላችሁም ናችሁ? ወላሂ አንድ ሰው ብቻ አቤት በሉኝ።» እንደሞትን ነው የቆጠረን። ያን ሁሉ ጊዜ የሚያወራው ለዚህ ኖሯል። «አቤት» አልኩ፣ መናገሪያውን ሳልነካ፤ ለባዶው አየር። ከዚያ ቃሉን ሳይጨርስ ተቋረጠ። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ የፍንዳታ ድምፅ ከሸንተረሩ ደረሰኝ፤ የፍንዳታ ድምፅ ከሬዲዮ ይዘገያል።

ዝም ያለው መልእክተኛው ደርሶለት ነው ወይስ ፍንዳታው ቀድሞት? ዝምታው አንድ ዓይነት ነው፤ መለየት አልቻልኩም። ያን ያህል ዓመት ማዳመጥ ተምሬ ያን አንድ ዝምታ ማንበብ አቃተኝ። ሲመሽ የሽቦ ስልኩ ጮኸ። «ሁለቱም ወርደዋል፤ ሬዲዮው እዚያው ቀርቷል» አሉ። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

አሁን ሁለታችንም ከሠራዊቱ ወጥተናል። እሱ ሐርቡ ያርሳል። ልጠይቀው ስሄድ እናቱ በር ላይ ተቀበሉኝና «ያ ሁሉ ወጉ የት እንደገባ አላህ ይወቅ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ «ደህና?» አለኝና ዝም አለ። ረዥሙ ሰላምታ የለም። ብዙ ቆይቶ ነው ስለዚያ ቀን ያነሳው።

«ዝም በል አለኝ የላክሽው ልጅ፣ እያለከለከ። ማን ነው ያለው? አልኩት። እሷ ናት አለኝ። በሕይወት መኖራችሁን ያወቅሁት በዚያ ነው» አለ።

ዓርብ ዓርብ እደውልለታለሁ። አሁን ሰላምታውን የማበዛው እኔ ነኝ፤ «አሰላሙ አለይኩም፣ አፊያ ነህ? እማማ እንዴት ናቸው? ማሽላው፣ ከብቱ፣ አገሩ አማን ነው?» ማንም ካርታ ላይ አያሰምርብኝም፤ እንዳሻኝ አረዝመዋለሁ። እሱ እስክጨርስ ይጠብቅና «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ይላል። ከዚያ ዝም። ስልኩን ግን አይዘጋም፤ እኔም አልዘጋም።