ማኅተሙ ያረፈበት ዋጋ

ኮልፌ ለሚገኘው ደብራችን አዳራሽ ቆርቆሮ ሲገዛ፣ የጨረታ ኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ነበርሁ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ በልጅነታችን አብረን ዜማ የተማርን ወዳጄ ነው። ሱቁን ከመዘጋት የሚያድነው ይህ ሽያጭ ብቻ እንደ ሆነ አውቅ ነበር፤ ስለዚህም እንዳላዳላ ፈርቼ የእርሱን ወረቀት በእጄ አልነካሁም።

ጸሐፊያችን የሦስቱን ነጋዴዎች ፕሮፎርማ ስካን አድርጋ፣ የዕቃውን ዓይነት፣ ብዛቱንና የአንዱን ዋጋ በኮምፒውተር አስነብባ ጎን ለጎን አሰለፈችልን። የወዳጄ ዋጋ ከሁሉ በልጦ ታየ፤ ሌላው አሸነፈ።

ቆርቆሮው ተገዝቶ ከተመታ በኋላ ፋይሉን ስናደራጅ፣ ጸሐፊዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባቴ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ» አለችኝ። የወዳጄ ማኅተም በአንዱ ቆርቆሮ ዋጋ ላይ አርፎ ኖሮ፣ ኮምፒውተሩ አንድ ሺህ ሦስት መቶውን ብር አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብሎ አንብቦታል። ጠቅላላውንም በዚያው ዋጋ አባዝቶ አወጣው፤ ወዳጄ በወረቀቱ ግርጌ ከጻፈው ድምር ጋር ያስተያየው ሰው አልነበረም። ዝቅተኛው ዋጋ የእርሱ ነበረ።

ግልባጭ ከዋናው ጋር ሳይነበብ እንደማይታመን ለደቀ መዛሙርት ሳስተምር ነው ያረጀሁት።

ወደ ሱቁ ሄድሁ። መደርደሪያው ባዶ ነበር። ሁሉን ስነግረው፣ «ማኅተሙን አጥብቄ የመታሁት እኮ፣ አንተ ፊት ስለሚቀርብ እንዲያምር ብዬ ነው» አለኝ። ከዚያም ቁልፉን ለአከራዩ ሊያስረክብ ተነሣ፤ እኔም ተከተልሁት።